«ኦርጅናል ነው» የተባለው መነጽር

ባለፈው ሳምንት አንድ የዶርም ጓደኛችን ጥቁር ሬይ-ባን ዌይፈረር «ኦርጅናል ነው» ተብሎ ገዝቶ መጣ። ኮፒ መሆኑን ተናግሮ የሚሸጥ ነጋዴ አላታለለንም፤ ይህኛው ግን የኦርጅናል ዋጋ ነው ያስከፈለው። ስለዚህ ማስመሪያና ካልኩሌተር ይዘን ተቀመጥን።

በመጀመሪያ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ዘንግ ከውስጥ በኩል አነበብን፤ `RB2140 901/58 50□22 3P` ይላል። 2140 የሞዴሉ ቁጥር ነው፤ ቀጥሎ ያለው የቀለም ኮድ ነው። 50 የአንዱ መስታወት ስፋት፣ 22 ደግሞ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው የአፍንጫ ድልድይ ርቀት ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። 3 የጥቁረት ደረጃው ሲሆን ከሚታየው ብርሃን ከ8 እስከ 18 በመቶውን ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው። P ደግሞ መስታወቱ ፖላራይዝድ መሆኑን ይናገራል። ጽሑፉ በደንብ ተጽፏል፤ ግን ጽሑፍን መገልበጥ ቀላል ነው፤ ዋናው ነገር ዕቃው ከጽሑፉ ጋር መስማማቱ ነው።

መስታወቱን በሰፊው ቦታ ላይ ስንለካው 54 ሆነ። ይህ ሞዴል በ54 መጠንም ይሠራል፤ ያኔ ግን ዘንጉ ላይ 54 ተብሎ ይጻፋል። ቀጥሎ ካልኩሌተሩን አብርተን በመነጽሩ ውስጥ እያየን መነጽሩን ቀስ ብለን ሩብ ዙር አዞርነው። ፖላራይዝድ ቢሆን ቁጥሮቹ አንድ ቦታ ላይ ጠቁረው ይጠፉ ነበር፤ ምንም አልተለወጠም። P የተባለው ውሸት ነው።

ማጠፊያውም አጋልጦታል። የዚህ ሞዴል ማጠፊያ ከሁለቱም ወገን እንደ ጣት የተጠላለፉ ሰባት የብረት ቀለበቶች አሉት። የሱ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ብረቱም ሥሩ ላይ በማጣበቂያ ተይዟል። ይህን ግን በሁሉም ሬይ-ባን ላይ አትፍረዱበት፤ ሌሎች ሞዴሎች ሌላ ዓይነት ማጠፊያ አላቸው።

የመጨረሻው መስታወቱ ነው። ነጩ የስም ጽሑፍ ከሌለበት መስታወት ጠርዝ ላይ፣ ከማጠፊያው አጠገብ፣ RB የሚሉ ደቃቅ ፊደላት ተቀርጸው ይገኛሉ። በብርሃን ስታዘነብሉት ይታያሉ፣ በጥፍር ሲነኩም ይሰማሉ። የጓደኛችን ላይ ቀለም ብቻ ነበር። የአባታችሁን አሮጌ መነጽር ስታዩ BL ብታገኙ ግን አትደንግጡ፤ ድርጅቱ በ1999 እ.ኤ.አ. ለሉክሶቲካ ከመሸጡ በፊት የባውሽ ኤንድ ሎምብ ነበር፤ ፊደላቱ የእሱ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበን ዓይኑ ነበር። ጥቁር መስታወት የዓይን ብሌንን ያሰፋል፤ አልትራቫዮሌት ጨረርን ካልከለከለ ጨረሩ በሰፋው በር በብዛት ይገባል። ይህን ደግሞ ጥቁረቱን አይቶ ማወቅ አይቻልም፤ መነጽር ቤት ባለው መለኪያ ብቻ ነው የሚታወቀው። ወስደን አስለካነው፤ ኮፒ ቢሆንም ጨረሩን ይከለክላል። መነጽሩን ለፀሐይ አስቀርቶታል፤ የዋጋውን ልዩነት ግን ሊጠይቅ ሄዷል።