ቶት፣ ሳቸል፣ ሆቦ፣ ባጌት፦ ቦርሳን ከቅርጹ መለየት

ቦርሳ ሻጮች ፎቶ ከማንሳታቸው በፊት ውስጡን በወረቀት ይጠቀጥቁታል። ወረቀቱ ሲገባ የሚልመጠመጠው ቀጥ ይላል፣ የተጨማደደው ይወጠራል፣ በስልክ የሚያይ ገዢም ሁሉም ቦርሳ በራሱ የሚቆም ይመስለዋል። ሥሩ ላይ «ቶት» ወይም «ሳቸል» ተብሎ ይጻፍና ዕቃው ሲመጣ ሌላ ይሆናል። ስሞቹ ግን ዝም ብሎ ጌጥ አይደሉም። እያንዳንዱ ቦርሳው ሰውነቱን እንዴት እንደሚይዝ፣ አፉ በምን እንደሚዘጋና ማንገቻው የት እንደሚያርፍ ይናገራል።

ከቶት እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። አፉ ሰፊና ክፍት ነው፣ ሁለት ትይዩ እጀታዎች አሉት፣ ከዚያ ያለፈ ብዙ ነገር የለውም። ዛሬ የምናየውን የሸራ ቶት ካስተዋወቁት አንዱ በአሜሪካ ሜይን ግዛት የሚገኘው ኤል ኤል ቢን ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1944 ከወፍራም ሸራ የሰፋውን ቦርሳ ያወጣው በረዶ መሸከሚያ ብሎ ነበር፤ ሰው ከመኪናው እስከ ቤቱ የበረዶ ማስቀመጫ ድረስ የበረዶ ጡብ ይጭንበታል። ከባድ ነገር ለመሸከም ስለተሠራ የእጀታው ጨርቅ አፉ ጠርዝ ላይ አይቆምም፣ ወደ ታች ወርዶ በቦርሳው ሰውነት ላይ በረጅሙ ተሰፍቷል። ቶት የሚበላሽበት ቦታም ይኸው ነው። እጀታው ጠርዙ ላይ በጠባብ መስመር ብቻ ከተሰፋ ላፕቶፕና ውኃ ሲጨመርበት ስፌቱ መጀመሪያ እዚያ ይተረተራል። ደህና ሰፊ ግን እጀታው ሰውነቱን በሚነካበት ቦታ አራት ማዕዘን ሰፍቶ መሃሉን በመስቀል ያጠናክረዋል። ቶት ስትገዙ ከቀለሙ በፊት እሱን እዩ።

ሳቸል ከዚህ ይለያል፤ ሥራው መቆም ነው። ወለሉ ጠፍጣፋና ጠንካራ ነው፣ ጎኖቹ የራሳቸው ስፋት አላቸው፣ በቆዳውና በገበሩ መካከል ካርቶን ወይም ሌላ ደረቅ ነገር ገብቶ ቅርጹን ይይዛል። ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት አይወድቅም። ድሮ በእንግሊዝ ተማሪዎች የሚያነግቡት ሳቸል ክዳኑ ከኋላ ተነሥቶ ፊቱን ይሸፍንና በሁለት ዘለበት ይታሰራል። የዛሬ የሴቶች ሳቸል ግን ክዳኑን በዚፕ ቀይሮ ሁለት አጫጭር እጀታ ጨምሯል፤ ረጅሙ ማንገቻም በመንጠቆ የሚወልቅ ሆኗል። ጉዳቱ ክብደቱ ነው፤ ገና ምንም ሳይገባበት ይከብዳል። ርካሹ ላይ ደግሞ የወለሉ ካርቶን እርጥበት ሲነካው መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ከዚያ በኋላ ቀና አይልም። ከሥሩ አራት ትናንሽ የብረት እግሮች ያሉት ወለሉ መሬት ስለማይነካ የተሻለ ዕድሜ አለው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት እንምጣ። አንድ ቦርሳ አስቡ። ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 22፣ የወለሉ ስፋት 14፤ ሁለት እጀታና ከላይ ዚፕ አለው። ቶት ነው ሳቸል? ፎቶው አይነግራችሁም። የሚለየው የእጀታው ከፍታ ነው፤ እጀታውን ወደ ላይ ወጥራችሁ ከጫፉ እስከ ቦርሳው አፍ ያለውን ትለካላችሁ። 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ትከሻ ላይ አይወጣም፤ በእጅ ይያዛል ወይም ክንድ ላይ ይንጠለጠላል። ባዶውንም ከቆመ ሳቸል ነው። 25 ከሆነ ግን ብብት ያልፋል፣ ትከሻ ላይ ይወጣል፤ ሰውነቱም ለስላሳ ከሆነ ዚፕ ቢኖረውም ቶት ነው። ጋቢና ካፖርት ለምትደርብ ሴት እነዚህ 13 ሴንቲ ሜትሮች ትልቅ ልዩነት ናቸው።

በዚህ መለኪያ ካየነው የሄርሜስ ቢርኪንም ጥያቄ ያስነሣል። ከ1984 ጀምሮ የሚሸጠው ይህ ቦርሳ ለተዋናይትና ዘፋኝ ጄን ቢርኪን ታስቦ የተሠራ ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ ከኩባንያው ኃላፊ ዣን ሉዊ ዱማ ጎን ተቀምጣ ሳለ የያዘችው ዕቃ ተበተነና ወሬው በዚያ ተጀመረ ይባላል። ብዙዎች ቶት ይሉታል። ነገር ግን እጀታው አጭር፣ ክዳን ያለው፣ በራሱ የሚቆም ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋጋው የናረ ሳቸል ነው።

ሆቦ የሳቸል ተቃራኒ ነው። ሲያስቀምጡት ይተኛል፣ ሲያነግቡት መሃሉ ወደ ታች ወርዶ ግማሽ ጨረቃ ይመስላል። ማንገቻው አንድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የተቀጠለ ሳይሆን ሁለቱ ጎኖች እየጠበቡ ወጥተው ማንገቻ ይሆናሉ። አፉ በዚፕ ወይም መሃል ላይ ባለ አንድ ማግኔት ይዘጋል። በተለይ ለስላሳ የበግ ቆዳ ያምርበታል፤ ደረቅ ቆዳ ግን እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ችግሩ ውስጡ ነው፦ ወለል ስለሌለው ቁልፉም፣ ስልኩም፣ ሳንቲሙም ታች አንድ ቦታ ይከማቻል። አንድ ማግኔት ብቻ ያለው ደግሞ በግራና በቀኝ ክፍት ስለሆነ ሰው በሚጋፋበት ታክሲ ውስጥ አልመክረውም። ሁሉም ሆቦ ግን ለስላሳ አይደለም። ጉቺ በ1961 ያወጣውና ጃክሊን ኬኔዲ አዘውትራ ስለያዘችው «ጃኪ» የተባለው ቦርሳ የጨረቃ ቅርጹንና አንድ ማንገቻውን ይዞ ሰውነቱ ደህና የጠና ነው።

የመጨረሻው ባጌት ትንሹ ነው፣ ታሪኩ ግን ረዥም። ሲልቪያ ቬንቱሪኒ ፌንዲ በ1997 ስትሠራው ያሰበችው ፈረንሳዮች ረጅም ዳቦ በብብታቸው ሥር ወሽቀው እንደሚሄዱት የሚያዝ ቦርሳ ነው። ወርዱ ከቁመቱ እጥፍ ይጠጋል፣ ክዳኑ ፊቱን ይሸፍናል፣ በክዳኑ ላይ ያለው የኩባንያው ምልክት መዝጊያም ነው። ማንገቻው አጭር ስለሆነ ቦርሳው ከክንድና ከጎድን መካከል ይጣበቃል። በ2000 «ሴክስ ኤንድ ዘ ሲቲ» በተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ዘራፊ ቦርሳሽን አምጪ ሲላት ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ካሪ ይህ ቦርሳ አይደለም፣ ባጌት ነው ብላ ታርመዋለች። ያኔ ዝናው ጣሪያ ነካ። ስልክ፣ ካርድ መያዣና ቁልፍ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ። ማንገቻው የሚረዝም እስካልሆነ ድረስም ወፍራም ሹራብ ላይ አይገባም።

ከዱባይም ሆነ ከዋሽንግተን ዘመድ ቦርሳ እንዲልክላችሁ ስታዝዙ ወይም ከስልክ ላይ ስትገዙ ሻጩን ወረቀቱን አውጥቶ ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ፎቶ እንዲያነሣው ጠይቁት፤ እጀታውንም ወጥሮ በሜትር ይለካላችሁ። እምቢ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።