ድልድዩ ተሠርቷል ወይስ ተሰብሯል?

አንድ የሬዲዮ ዜና አንባቢ እንዲህ አለ እንበል፦ «ባለፈው ዓመት በኃይለኛ ጎርፍ የፈረሰው ድልድይ ዘንድሮ በሕዝቡ ትብብር ተሠርቷል።» ይህንኑ ቅጂ ድምፅን ወደ ጽሑፍ ለሚለውጡ ሁለት ፕሮግራሞች ሰጠናቸው። የመጀመሪያው ይህን ጻፈ፦

«ባለፈው አመት በሀይለኛ ጎርፍ የፈረሰው ድልድይ ዘንድሮ በህዝቡ ትብብር ተሰርቷል»

ሁለተኛው ደግሞ ይህን፦

«ባለፈው ዓመት በኃይለኛ ጎርፍ የፈረሰው ድልድይ ዘንድሮ በሕዝቡ ትብብር ተሰብሯል»

አማርኛ የሚያነብ ሰው የትኛው እንደተሳሳተ ለማወቅ አይቸገርም። የመጀመሪያው ዜናውን እንዳለ አስቀምጦታል። ሁለተኛው የተሠራውን ድልድይ መልሶ ሰብሮታል። በዓለም ዙሪያ የነዚህ ፕሮግራሞች ጥራት የሚለካበት ዋናው መስፈሪያ ግን ፍርዱን ገልብጦ ይሰጣል፤ ለመጀመሪያው 40 በመቶ ስህተት፣ ለሁለተኛው 10 በመቶ ስህተት።

መስፈሪያው የቃል ስህተት ምጣኔ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው ቅጂውን አዳምጦ በጥንቃቄ ይጽፈዋል፤ ይህ ማመሳከሪያው ነው። ከዚያ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ከማመሳከሪያው ጎን ይደረግና ቃል ከቃል ይነጻጸራል። ሦስት ዓይነት ስህተት ይቆጠራል። አንዱ ቃል በሌላ ሲተካ፣ በማመሳከሪያው ያለ ቃል ሲዘለል፣ ያልተባለ ቃል ሲጨመር። የሦስቱ ድምር በማመሳከሪያው የቃላት ብዛት ይካፈላል፦

```
WER = (S + D + I) / N
```

S የተተኩት፣ D የተዘለሉት፣ I የተጨመሩት ቃላት ብዛት ሲሆን N የማመሳከሪያው ቃላት ብዛት ነው። ሁለቱ ጽሑፎች እኩል ርዝመት ስለማይኖራቸው የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር መወሰን ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ አንዱን ጽሑፍ ወደ ሌላው ለመቀየር የሚበቃውን ትንሹን የለውጥ ብዛት ይፈልጋል። ሐሳቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 የሩሲያው የሒሳብ ሊቅ ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን ካሳተመው ጥናት ነው።

ቁጥሩ ከመቶ ሊበልጥ እንደሚችል ሲሰሙ ብዙዎች ይገረማሉ። ተናጋሪው «እሺ መጣሁ» ብሎ ዝም ቢል፣ ፕሮግራሙም በዝምታው ውስጥ «አመሰግናለሁ አመሰግናለሁ አመሰግናለሁ» ብሎ ቢጨምር፣ ሦስት ጭማሪ ለሁለት ሲካፈል 150 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ «ከመቶ ስንት አገኘ» ብሎ እንደ ፈተና ውጤት ማንበብ አያስኬድም።

ወደ ድልድያችን እንመለስ። ዓረፍተ ነገሩ አሥር ቃላት አሉት። በመጀመሪያው ፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ «ዓመት» «አመት»፣ «በኃይለኛ» «በሀይለኛ»፣ «በሕዝቡ» «በህዝቡ»፣ «ተሠርቷል» «ተሰርቷል» ሆነዋል። ለቆጣሪው እነዚህ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አራት ለአሥር፣ 40 በመቶ። ቆጣሪው ድምፅ አይሰማም፣ ትርጉምም አያውቅም። የሚያየው የፊደላቱን የኮድ ቁጥር ብቻ ነው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሀ በ U+1200፣ ሐ በ U+1210፣ ኀ በ U+1280 ተመዝግበዋል። ለማሽኑ የሀ እና የሐ ልዩነት ከሀ እና ከመ ልዩነት አያንስም።

ምክንያቱን ሁላችንም ከፊደል ገበታ እናውቀዋለን። ፊደሉ የግእዝ ነው። በግእዝ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። አማርኛ ድምፆቹን አዋሐደ፤ ፊደላቱን ግን አስቀራቸው። በተጨማሪም በአማርኛ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ አንድ ዓይነት ይነበባሉ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ ለመጀመሪያው ፊደል ሁለት፣ ለሁለተኛው ስድስት ምርጫ አለ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)። አሥራ ሁለት አጻጻፍ ለአንድ ፀሐይ። ሁሉም በጋዜጣ ላይ አይወጡም፤ ግን ሦስት አራቱን በአንድ ሳምንት ንባብ ማግኘት ቀላል ነው። ፕሮግራሙም የተማረው ከእንዲህ ዓይነት ቅይጥ ጽሑፍ ስለሆነ እሱም ይቀይጣል።

ለሌሎች ቋንቋዎች የተዘጋጁ የጽሑፍ ማጽጃዎች እዚህ አይረዱም። ትልልቅ ፊደላትን ወደ ትንንሽ መቀየር ለኛ ትርጉም የለውም። NFKC የሚባለው የዩኒኮድ ማስተካከያም ሐን ወደ ሀ አይለውጥም፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ሁለቱን የሚያዛምድ ምንም ነገር የለምና። ሥርዓተ ነጥቡን፣ ማለትም አራት ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን ሊያነሱልን ይችላሉ። የቀረውን ራሳችን መሥራት አለብን።

የሚሠራውም ከመቁጠር በፊት ሁለቱንም ጽሑፎች ወደ አንድ አጻጻፍ ማምጣት ነው። በፓይተን ይህን ያህል ነው፦

```python
T = str.maketrans(
 "ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖፀፁፂፃፄፅፆሃኣሧ",
 "ሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሰሱሲሳሴስሶአኡኢአኤእኦጸጹጺጻጼጽጾሀአሷ")
ref, hyp = ref.translate(T), hyp.translate(T)
```

ይህን አድርገን ድልድዩን እንደገና ብንለካ የመጀመሪያው ፕሮግራም ዜሮ፣ ሁለተኛው 10 በመቶ ያገኛል። ፍርዱ ቦታውን ያዘ።

ከኮዱ ይልቅ ስህተት የሚበዛበት አጠቃቀሙ ላይ ነው። አንደኛው የተለመደ ጥፋት ግእዙን ብቻ ማዛመድ ነው። ሐ ወደ ሀ ይቀየርና ሕ፣ ሑ፣ ሔ ይረሳሉ፤ «ሕዝብ» እና «ህዝብ» ተለያይተው ይቀራሉ። ሌላው የፕሮግራሙን ጽሑፍ ብቻ አስተካክሎ ማመሳከሪያውን መተው ነው። ያን ጊዜ ውጤቱ ይባስ ይበላሻል፤ ፕሮግራሙ በትክክል የጻፈው «ዓመት» ሳይቀር «አመት» ሆኖ ከማመሳከሪያው ይጣላልና። ሁለቱንም ለመያዝ የተካኩትን ቃላት ጥንድ ጥንድ አድርጎ ብዙ ጊዜ ከተደጋገሙት ጀምሮ መዘርዘር ነው። ከዝርዝሩ አናት ላይ «ሥራ / ስራ» ወይም «ሕዝብ / ህዝብ» ከታየ ማዛመጃው ቀዳዳ አለው። በኔ አስተያየት አንድ የአማርኛ የጥራት ቁጥር ይህ ዝርዝር ሳይታይ መታመን የለበትም።

ዝርዝሩ ፊደል በማዛመድ ብቻ የማይፈቱ ነገሮችንም ያወጣል። «ጎርፍ» እና «ጐርፍ»፣ «በልቷል» እና «በልቶአል»፣ «ኮምፒውተር» እና «ኮምፒዩተር» ከላይ ባለው ኮድ አይገናኙም። ቁጥሮችም አሉ። ማመሳከሪያው «2017» ካለና ፕሮግራሙ «ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት» ብሎ ከጻፈ፣ አንድ መተካትና ሦስት ጭማሪ ይመዘገባል። ለእንዲህ ዓይነቱ የሚሻለው ተቀባይነት ያላቸውን አጻጻፎች በዝርዝር ማስፈርና ከመቁጠር በፊት ወደ አንዱ መመለስ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በሚያዘጋጀው sclite በተባለው መለኪያ ለእንግሊዝኛ ሲሠራበት የኖረው ይኸው ዘዴ ነው። እንግሊዝኛም የራሱ የአጻጻፍ ጣጣ አያጣም፤ የኛን ያህል ባይበዛም።

ከሁሉም ይልቅ አስቸጋሪው ክፍተት ነው። «ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ወንድሙን አገኘው» አምስት ቃል ነው። ፕሮግራሙ «ከቤተክርስቲያን» ብሎ ቢያያይዘው አንድ መተካትና አንድ መዝለል ይሆናል፤ ሁለት ለአምስት፣ 40 በመቶ። ማመሳከሪያው ተያይዞ ተጽፎ ፕሮግራሙ ቢለያየው ደግሞ ሁለት ለአራት፣ 50 በመቶ። አንድ ባዶ ቦታ ያመጣው ነው። «ትምህርት ቤት»፣ «መሥሪያ ቤት»፣ «ሥነ ጽሑፍ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

በዚህ ምክንያት ብዙ ባለሙያዎች ከቃል ይልቅ በፊደል መቁጠርን ይመርጣሉ። ስሌቱ ያው ነው፤ የሚቆጠረው ብቻ ይለያል። ለአማርኛ ሌላም ጥቅም አለው። «ስላልመጡላቸው» በሚል አንድ ቃል ውስጥ ሌላው ቋንቋ በአራት በአምስት ቃል የሚለው ነገር ታጭቋል፤ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ቢሳት መላው ቃል እንደጠፋ ይቆጠራል። በፊደል ሲቆጠር ቅጣቱ ይመጠናል። ግን የአጻጻፉን ችግር አይፈታውም። ድልድያችን ከነክፍተቱ 50 ፊደል ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራም አራት ፊደል ስለለወጠ 8 በመቶ ያገኛል። ሁለተኛው «ተሠርቷል»ን «ተሰብሯል» ለማድረግ ሦስት ብቻ ስለለወጠ 6 በመቶ። ድልድዩን የሰበረው አሁንም ይመራል።

ማዛመድ ግን ለሁሉም ቦታ የሚሆን አይደለም። ስብከት እየተጻፈ ነው እንበል፤ ሰባኪው ስለ «ድኅነት» ይናገራል፣ ፕሮግራሙ «ድህነት» ይጽፋል። መዳን ድህነት ሆነ። ፊደሉን ካዛመድን ይህ ስህተት ከቆጠራው ይጠፋል፤ አንባቢው እጅ ሲደርስ ግን አለ። ሠዓሊና ሰአሊም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ሥዕል የሚሥል፣ ሌላው የሚለምን። የፍርድ ቤት ቃል ሲሆን የሰው ስም አጻጻፍ ከመታወቂያው ጋር መግጠም አለበት። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ማውጣት ይሻላል፤ አንዱ ከመዛመዱ በፊት፣ አንዱ ከተዛመደ በኋላ። የሁለቱ ልዩነት ከስህተቱ ምን ያህሉ የመስማት፣ ምን ያህሉ የአጻጻፍ እንደሆነ ይነግራል። ያንኑ ማዛመጃ ለትግርኛ መጠቀም ደግሞ ጨርሶ አይቻልም፤ በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ ዛሬም የተለያየ ድምፅ አላቸውና እውነተኛ የመስማት ስህተት ይሸፈናል።

ቁጥሩ እስከምን ድረስ ሊወርድ እንደሚችል ለማወቅ አንድ ርካሽ ሙከራ አለ። አንዱን ቅጂ ሁለት ጎበዝ ጸሐፊዎች ለየብቻ ይጻፉት፤ ከዚያ የአንዱን ጽሑፍ ማመሳከሪያ አድርጎ የሌላውን ስህተት መቁጠር ነው። ሁለቱም ድምፁን በትክክል ሰምተው ሳለ ሳይዛመድ የሚወጣው ቁጥር ዜሮ አይሆንም። ከሰው ለሰው ልዩነት በታች ሊወርድ የሚችል ፕሮግራም የአንዱን ጸሐፊ የአጻጻፍ ልማድ ያጠና ብቻ ነው።