ጨለማው ለምን ግራጫ ይሆናል? የኤችዲአር ምስል የሚደበዝዝበት ምክንያት

በአንድ የቪዲዮ ጌም ውስጥ መብራት ያልበራበት ክፍል አለ እንበል። በመስኮቱ የቀን ብርሃን ይገባል፤ ከበሩ ጀርባ ያለው ጥግ ግን ጨለማ ነው። ሠሪዎቹ የጠበቁት ጥልቅ ጥላ ቢሆንም ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጭጋግ የሸፈነው የሚመስል ግራጫ ምስል ነው።

በሃይ ዳይናሚክ ሬንጅ ወይም በኤችዲአር አሠራር የብርሃን መጠን ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል አይገደብም። መስኮቱ 20፣ ጥጉ ደግሞ 0.002 ሊሆን ይችላል። ምስሉ መደበኛ ስክሪን ላይ እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ደረጃዎች ያልፋል፦ ብሉም በደማቅ ነገሮች ዙሪያ ወገግታ ይጨምራል፤ ቶን ማፒንግ ሰፊውን የብርሃን ክልል ስክሪኑ ሊያሳየው ወደሚችለው ያጠባል፤ ከለር ግሬዲንግ ቀለሙንና ንፅፅሩን ያስተካክላል።

የጭጋጉ የመጀመሪያ ምንጭ ብሉም ነው። ብሉም የምስሉን ደማቅ ክፍል አደብዝዞና ወደ ዙሪያው በትኖ በዋናው ምስል ላይ ይደምረዋል። ከመስኮቱ ተበትኖ ጥጉ ላይ የደረሰው ብርሃን 1 ቢሆንና 5 በመቶው ቢደመር፣ ጥጉ ከ0.002 ወደ 0.052 ያድጋል። ይህም 26 እጥፍ ነው። በመስኮቱ ላይ ግን ያው 5 በመቶ ከ20 ወደ 21 ቢያደርሰው ነው፤ ዓይን ልዩነቱን አያስተውለውም። ስለዚህ ብሉም የሚጎዳው ብርሃኑን ሳይሆን ጥላውን ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ቶን ማፒንግ ነው። ኤሪክ ሬይንሃርድና ባልደረቦቹ በ2002 ያቀረቡት ዘዴ በቀላል መልኩ የብርሃኑን መጠን በራሱ ላይ አንድ ተደምሮ ለሚገኘው ቁጥር ያካፍላል። 20 ወደ 0.95 ይወርዳል፤ ትንንሾቹ ቁጥሮች ግን እምብዛም አይለወጡም። ስሌቱ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለየብቻ ሲደረግ ቀለምም ይነጣል። ቀይ 10፣ አረንጓዴ 2፣ ሰማያዊ 0.5 የሆነ ብርቱካናማ መብራት 0.91፣ 0.67 እና 0.33 ይሆናል። ቀዩ ከሰማያዊው 20 እጥፍ የነበረው ወደ 2.7 እጥፍ ገደማ ዝቅ ይላል።

ጥጉስ? ያለ ብሉም በስክሪኑ የ255 መለኪያ 7 ገደማ የነበረው ከብሉም በኋላ 63 ገደማ ይደርሳል። ብዙዎች ይህን በከለር ግሬዲንግ ንፅፅር በመጨመር ለማረም ይሞክራሉ። ጥጉ ይጠቁራል፤ ነገር ግን በሌላ ስፍራ የነበሩ እውነተኛ ጥላዎችም አብረው ይዋጣሉ።

የሚሻለው ጥፋቱን ከምንጩ መፈለግ ነው። በመጀመሪያ ብሉም ይጠፋና የጥጉ ቁጥር ይነበባል። ወደ 7 ከተመለሰ ጥፋቱ የብሉም ነው፤ መጠኑን ወደ 1 በመቶ ማውረድ ብቻ ጥጉን ወደ 28 ገደማ ይመልሰዋል። ብሉም ጠፍቶም ጥጉ ግራጫ ከሆነ ለስክሪን የሚደረገው የመጨረሻ የብርሃን ቅየራ ሁለት ጊዜ እንዳልተፈጸመ መፈተሽ ይገባል፤ ይህ ስህተት ብቻውን 7ን ወደ 45 ገደማ ያደርሳል። ከለር ግሬዲንግ ለውበት የሚውለው ጥቁሩ በእርግጥ ጥቁር መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።