የአክሲዮኑ ገንዘብ ለማን ይገባል?

(ለአንድ ትምህርት ቤት የፋይናንስ ክበብ አባላት የተዘጋጀ ንግግር)

ልጆች፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር ከቤተሰቦቻችሁ አንዱ በቴሌብር ገዝቶ ይሆናል። የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር፤ ከ33 አክሲዮን በታች መግዛት ስለማይቻል ትንሹ ክፍያ 9,900 ብር ነበር። ያ ገንዘብ የት እንደሚገባ ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም።

አንድ የዱቄት ፋብሪካ እናስብ። መሥራቾቹ አንድ ሚሊዮን አክሲዮን ይዘዋል። አዲስ ወፍጮ ለመትከል 50 ሚሊዮን ብር አስፈለጋቸው። ከባንክ ቢበደሩ ፋብሪካው አተረፈም ከሰረም ዋናውን ከነወለዱ ይከፍላሉ። ስለዚህ 250 ሺህ አዲስ አክሲዮን አወጡና እያንዳንዱን በ200 ብር ለሕዝብ ሸጡ። ብሩ ፋብሪካው ካዝና ገባ፤ ወፍጮው ተተከለ። ይህን ገንዘብ የሚመልስ የለም። ዋጋው ግን ሌላ ነው፤ ትናንት ሙሉ ባለቤት የነበሩት መሥራቾች ዛሬ 80 በመቶ ብቻ አላቸው። ከትርፉም ከድምፁም አንድ አምስተኛው የእናንተ ሆነ።

አሁን መሥራቾቹ አዲስ ሳያወጡ ከያዙት ላይ 250 ሺህ ሸጡ እንበል። ገዢው የሚከፍለው ያው 50 ሚሊዮን ነው። ወፍጮው ግን አይተከልም፤ ብሩ መሥራቾቹ ኪስ ገብቷል። በጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ ሁለቱም «አክሲዮን ለሕዝብ ቀረበ» ነው የሚባሉት። የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ያደላል፤ የቀረበው መንግሥት ከያዘው ድርሻ 10 በመቶው ነበርና። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ገዢው ግን ማወቅ አለበት።

ሌላው ጉዳይ ዋጋው ነው። የአክሲዮኑ የስም ዋጋ 100 ብር ሲሆን የተሸጠው በ300 ነው። ኩባንያው አንድ ቢሊዮን አክሲዮን ስላለው ሻጩ «ድርጅቴ 300 ቢሊዮን ብር ያወጣል» እያለ ነው ማለት ነው። ትክክል ነው ወይስ ተወዷል? በዓመቱ የተጣራ ትርፍ ላይ አካፍሉትና ከሌሎች ድርጅቶች ጋር አወዳድሩት። ገዢው በበኩሉ መልሱን ሰጥቷል፤ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ቀርቦ ሽያጩ የካቲት 7 ሲዘጋ 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ተሸጠ። ከታሰበው 30 ቢሊዮን የተሰበሰበው 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። ዋጋው ብቻውን ምክንያት ነው አልልም፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ሽያጩ ከተከፈተ በኋላ፣ ጥር 2 ቀን ነው። አክሲዮኑን ነገ ለማን እንደሚሸጥ የማያውቅ ሰው ለመግዛት ያመነታል።

ሕጉ ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት ፕሮስፔክተስ የሚባል መግለጫ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ሂሳቡ፣ ስጋቱ፣ ባለቤቶቹ ሁሉ እዚያ ይዘረዘራሉ። እናንተ ስትከፍቱት መጀመሪያ «ገንዘቡ ለምን ይውላል» የሚለውን ክፍል ፈልጉ። «ለሥራ ማስፋፊያ» ብቻ ብሎ ካለፈ፣ ስንት ብር ለየትኛው ሥራ እንደሚውል እስኪነገራችሁ ድረስ ገንዘባችሁን አታውጡ።