«ሚቅ» ብቻውን ሲነገር «ቅ» ለምን ይወድቃል?

እዚህ ላቱኛ የምለው ቋንቋ ለዚህ ጽሑፍ የፈጠርኩት ነው። በላቱኛ ድንጋይ «ሚ»፣ ድንጋዮች «ሚቃ»፤ ወንዝ «ሱ»፣ ወንዞች «ሱታ» ይባላል። የብዙ ቁጥር ምልክቱ «ኣ» ነው። «ቅ» እና «ት» ከምልክቱ የመጡ ቢሆኑ በሁለቱም ቃላት አንድ ዓይነት ተነባቢ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ተናጋሪው በአእምሮው የያዛቸው ግንዶች «ሚቅ» እና «ሱት» ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ፊደላት ያለ አናባቢ ይነበባሉ።

አለን ፕሪንስ እና ፖል ስሞለንስኪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት የኦፕቲማሊቲ ቲዎሪ፣ እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚወስነው የገደቦች ፉክክር ነው። አንዳንዶቹ ገደቦች የሚነገረው ድምፅ ቀላል ቅርጽ እንዲኖረው ይሻሉ፤ ለምሳሌ «ክፍለ ቃል በተነባቢ አይለቅ»። ሌሎቹ ለግንዱ ታማኝ ናቸው፤ «ድምፅ አትጨምር»፣ «ድምፅ አትቀንስ» ይላሉ። ሁሉንም ማስደሰት ካልተቻለ ደረጃቸው ይፈርዳል።

ግንድ፦ ሚቅ

| ዕጩ | በተነባቢ አይለቅ | አትጨምር | አትቀንስ |
|---|---|---|---|
| ሚቅ | *! | | |
| ሚቂ | | *! | |
| ☞ ሚ | | | * |

ኮከብ ጥሰትን ያሳያል፤ ቃለ አጋኖ ዕጩው የወደቀበትን ቦታ ያመለክታል፤ ጣቱ አሸናፊውን ይጠቁማል። «ሚ» ያሸነፈው ጥፋት ስለሌለው አይደለም፤ የጣሰው ከሁሉ ዝቅ ያለውን ገደብ ስለሆነ ነው። «ሚቃ» ግን «ሚ» እና «ቃ» ተብሎ ስለሚከፈል አንዱንም አይጥስም፤ «ቅ»ም በቦታው ይቆያል።

የላይኛውን ገደብ የታችኛው በብዛት አያካክሰውም። ግንዱ «ሩክስ» ቢሆን፣ እንዳለ ሲነገር አንድ ጥሰት ብቻ አለበት፤ አንዱ ክፍለ ቃል በተነባቢ አልቋል። «ሩ» ሁለት ድምፅ ስለሚጥል «አትቀንስ»ን ሁለት ጊዜ ይጥሳል። ቢሆንም የሚያሸንፈው «ሩ» ነው።

ጀማሪዎች የሚስቱት ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ደረጃ ሲያወጡ ነው። ሠንጠረዡ ሁለቱ የግራ ገደቦች ከ«አትቀንስ» በላይ መሆናቸውን ያረጋግጣል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ግን አይናገርም። ቢቀያየሩም አሸናፊው «ሚ» ነውና ባለሙያዎች በመካከላቸው የተቆራረጠ መስመር ያሰምራሉ።

ሦስቱን ገደቦች በ6 መንገድ መደርደር ይቻላል፤ ለዚህ ግንድ የሚወጣው ውጤት ግን 3 ብቻ ነው፤ የሚጣሰው ሁልጊዜ የመጨረሻው ገደብ ነውና። «አትጨምር» ዝቅ ካለ «ሚቂ» ያሸንፋል፤ «በተነባቢ አይለቅ» ዝቅ ካለ «ሚቅ» ሳይነካ ይቀራል። «ሚቂቅ» ግን በየትኛውም አደራደር አያሸንፍም፤ እንደ «ሚቅ» በተነባቢ ያልቃል፣ በዚያ ላይ ድምፅ ጨምሯል። «ሚቅ»ን «ሚቂቅ» የሚያደርግ እውነተኛ ቋንቋ ቢገኝ ደረጃውን መቀያየር አይበቃም፤ ያልታሰበ ሌላ ገደብ መፈለግ ግድ ይሆናል።