ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ብቻ አይደለም
ስንሽከረከር ለምን ያዞረናል?

በራያ ቆላ፣ በዋጃና በአካባቢዋ፣ የመኸር እህል ተሰብስቦ ወደ አውድማ ሲገባ ሁለት ዓይነት መዞር ይታያል። አንደኛው የሥራ ነው፤ ሰውየው ጅራፉን ይዞ በሬዎቹን እየተከተለ ጤፉን ሲያበራይ ይውላል። ሁለተኛው የጨዋታ ነው፤ ልጆች በገለባው ክምር አጠገብ እጃቸውን ዘርግተው ባሉበት ይሽከረከራሉ። ሰውየው ግማሽ ቀን ዞሮ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጁ ግን አሥር ጊዜ ያህል ተሽከርክሮ ሲቆም እየተንገዳገደ ገለባው ላይ ይወድቃል። ሁለቱም ዞረዋል፤ ታዲያ ልጁን ብቻ የጣለው ምንድን ነው?

መልሱ የሚገኘው በጆሮ ውስጥ ነው። ከጆሮ ታምቡር አልፎ፣ በራስ ቅል አጥንት ውስጥ በተሠዋረው ክፍል፣ ድምፅን ከሚቀበለው አካል ጎን ሦስት ቀጫጭን ቅስት ቱቦዎች አሉ። የእያንዳንዱ ቅስት ስፋት ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሦስቱ የተቀመጡት የአንድ ክፍል ወለልና ሁለት ግድግዳዎች በማዕዘን ላይ እንደሚገናኙ ሁሉ ነው፤ ስለዚህ ራሳችን ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ቢያንስ አንዱ ቱቦ ያውቀዋል። ቱቦዎቹ በፈሳሽ የተሞሉ ናቸው። በእያንዳንዱም ውስጥ በአንድ ስፍራ እንደ ረጋ ተልባ ያለ ዝልግልግ መጋረጃ መንገዱን ዘግቶ ይቆማል፤ ከሥሩም ጥቃቅን ጠጉሮች ተተክለውበታል። መጋረጃው ሲጎብጥ ጠጉሮቹ አብረው ይጎብጣሉ፤ ወሬውም በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይደርሳል።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ጣሳ ውሃ ሞልተን ጥቂት ገለባ ጣል እናድርግበት። ጣሳውን በድንገት ብናዞረው ውሃው በመጀመሪያ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ገለባውም ባለበት ይቆያል። ማዞራችንን ብንቀጥል ውሃው ቀስ በቀስ ከጣሳው ጋር እኩል መሄድ ይጀምራል። ጣሳውን ድንገት ብናቆመው ደግሞ ውሃው ብቻውን መዞሩን ይቀጥላል።

ልጁም ሲሽከረከር የሚሆነው ይህንኑ የመሰለ ነው። ወደ ቀኝ መዞር ሲጀምር ፈሳሹ ወደ ኋላ ስለሚቀር መጋረጃውን ይገፋዋል፤ አንጎልም «ወደ ቀኝ እየዞርን ነው» ይላል። ይህ ወሬ እውነት ነው። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ከቀጠለ ግን ፈሳሹ ከቱቦው ጋር እኩል ይሄዳል፤ መጋረጃውም ቀና ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ በእኩል ፍጥነት የሚዞር ሰው ከግማሽ ደቂቃ ገደማ በኋላ የቆመ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ቱቦዎቹ የሚያውቁት መዞርን ሳይሆን የመዞርን ፍጥነት መለወጥ ነው።

ልጁ ድንገት ሲቆም ፈሳሹ ጉዞውን ሊቀጥል ስለሚፈልግ መጋረጃውን በተቃራኒው ወገን ይገፋዋል። አንጎልም «አሁን ወደ ግራ እየዞርን ነው» የሚል ወሬ ይደርሰዋል። ልጁ ግን ቆሟል! እግሩ መሬት ረግጧል፤ ጆሮው ይዞራል ይለዋል። ወደ ግራ የሚሄድ መስሎት ሰውነቱን ለማቃናት ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ይወድቃል።

የበሬ ነጂው ለምን እንዳልወደቀ በቁጥር ማየት ይቻላል። የአውድማው ስፋት 8 ሜትር ቢሆን ዙሪያው 25 ሜትር ያህል ይሆናል። ሰውየው በሴኮንድ አንድ ሜትር ቢራመድ አንድ ዙር በ25 ሴኮንድ ይፈጽማል፤ ይኸውም በሴኮንድ 14 ዲግሪ ያህል መዞር ነው። ልጁ በ20 ሴኮንድ 10 ጊዜ ቢሽከረከር በሴኮንድ 180 ዲግሪ ይሆናል፤ ከሰውየው 12 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ሰውየው ሲቆም የሚለወጠው ፍጥነት ጥቂት ስለ ሆነ ዓይኑና እግሩ ወዲያው ያርሙታል። የልጁ ግን በቀላሉ የሚታረም አይደለም።

ምድር የምትዞር የምትመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ራስ ሲዞር የምናየው ነገር እንዳይደበዝዝ ዓይን በተቃራኒው ይንቀሳቀሳል፤ ትእዛዙንም የሚሰጡት እነዚሁ ቱቦዎች ናቸው። ልጁ እንደ ቆመ ዓይኑን ብንመለከት ብሌኑ ወደ አንድ ወገን ቀስ ብሎ ሲሸሽ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ወገን በፍጥነት ሲመለስ እናያለን። ይህ ከ20 እስከ 40 ሴኮንድ ያህል ይቆያል። ዓይን ሳይታወቀው ስለሚሸሽ የቆመው ዛፍ የሚሮጥ ይመስላል።

ይህን የዓይን ምልክት ለሕክምና ካዋሉት አንዱ የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ ነው። የበሽተኞችን ጆሮ በውሃ ሲያጥብ ውሃው የቀዘቀዘ እንደ ሆነ በሽተኛው እንደሚዞርበትና ዓይኑ እንደሚወዛወዝ አስተዋለ። ውሃው እጅግ የሞቀ ሲሆን ግን ዓይኑ በተቃራኒው ወገን ይወዛወዛል። ባራኒ ሙቀትና ቅዝቃዜ በቱቦው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እንደሚያንቀሳቅሱት ከዚህ ተረዳ፤ ጤናማውን ጆሮ ከታመመው ለመለየትም ተጠቀመበት። በአውሮፓ አቆጣጠር የ1914 የኖቤል ሽልማት ለእርሱ መሆኑ ሲነገር በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ነበር።

ራሳችን ሳይዞር ሲያዘነብል የሚያውቁት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ከቱቦዎቹ ሥር ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ በውስጣቸውም በዝልግልግ ምንጣፍ ላይ የኖራ ድንጋይ ዘር የሆኑ ደቃቅ ጠጠሮች ተበትነዋል። ጎንበስ ስንል ጠጠሮቹ በክብደታቸው ምንጣፉን ወደ ታች ይስቡታል፤ ከሥሩ ያሉት ጠጉሮችም ይጎብጣሉ። አንድ ጉድለት ግን አለባቸው። መኪና ድንገት ፍጥነት ሲጨምር ጠጠሮቹ ወደ ኋላ ስለሚቀሩ፣ ራስ ወደ ኋላ ከማዘንበሉ ጋር አይለዩትም። በጨለማ ከመሬት የሚነሣ አብራሪ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ሽቅብ የወጣ የሚመስለው ስለዚህ ነው፤ መሣሪያውን እንጂ ጆሮውን እንዳያምንም ይማራል።

ከዋጃ ተነሥቶ በአላማጣ በኩል በአውቶቡስ ወደ ኮረም የሚወጣ ሰው የግራካሕሱን ጠመዝማዛ ያውቀዋል። በእያንዳንዱ ኩርባ ቱቦዎቹ «ዞርን» ይላሉ፤ ጠጠሮቹ «አዘነበልን» ይላሉ። መጽሐፍ ላይ ያፈጠጠ ዓይን ግን ገጹ ስለማይንቀሳቀስ «ቆመናል» ይላል። የወሬው አለመስማማት ያጥወለውላል፤ ያስመልሳልም። መጽሐፉን ዘግቶ፣ ከፊት ተቀምጦ፣ ሩቅ ያለውን መንገድ መመልከት የሚረዳው ዓይን ከጆሮ ጋር ስለሚስማማ ነው።

አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ ወይም ራስ ከተመታ በኋላ፣ ጠጠሮቹ ከምንጣፋቸው ተላቀው ከቱቦዎቹ ወደ አንዱ ይገባሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሰውየው አልጋ ላይ ሲገላበጥ ወይም ቀና ሲል ቤቱ ይዞርበታል፤ ባይንቀሳቀስ ግን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይተወዋል። ብዙ ሰው የደም ማነስ ነው ይለዋል። ዳሩ ግን የሠለጠነ ሐኪም የበሽተኛውን ራስ በተራ ወደ ተለያየ አቅጣጫ እያዞረ ጠጠሮቹን ወደ መጡበት ከረጢት ይመልሳቸዋል፤ ይህም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ማዞሩ ለሰዓታት የቆየ እንደ ሆነ፣ ወይም አንደበት መተሳሰር፣ የእጅና የእግር መዛል፣ የጆሮ በድንገት መደንቆር የተከተለው እንደ ሆነ ግን የጠጠር ነገር ላይሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።