ተጨማሪ መረጃ፦ ሁለት ጠርሙስ፣ አንድ መድኃኒት

በቆቦና በራያ ቆላ ልጅ ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ ምርመራው ነጻ ቢለውም ትኩሳቱ ማስታገሻ ይፈልጋል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አለ እንበል። እናቱ 5 ሚሊ ሊትር የፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ ማለትም 120 ሚሊ ግራም ሰጠችው። ንፍጡም ስለበዛ አያቱ ከጉንፋን ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ጨመሩለት።

የጉንፋን ሽሮፕ ብዙ ጊዜ ጥምር መድኃኒት ነው፤ በአንድ ጠርሙስ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መድኃኒቶች የተቀላቀሉበት ማለት ነው። በዚህኛው ውስጥም 120 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ነበረበት። ሕፃኑ ባንድ ጊዜ 240 ወሰደ፤ ለክብደቱ የሚበቃው ግን ከ100 እስከ 150 ነው። በቀን አራት ጊዜ ቢደገም 960 ይሆናል፣ በኪሎ 96 መሆኑ ነው። በኪሎ 75 የቀን ጣሪያው ነው።

የሚጎዳው ጉበት ነው። አታላይነቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ከማስመለስና ምግብ ከመጥላት በቀር ምንም ላይታይ መቻሉ ነው። ስለዚህ ልጁ ደህና ቢመስልም ሁለቱንም ጠርሙስ ይዞ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ቤታችሁ ያሉትን ሽሮፖች ከወላጅ ጋር ሆናችሁ አንብቡ። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ተዉና በትንንሽ ፊደል የሰፈረውን ይዘት ፈልጉ። አሲታሚኖፌን የሚል ካገኛችሁ እሱም ያው ፓራሲታሞል ነው። በስንቱ ላይ አገኛችሁት?